የሲቲ ቁጥር የሚታመነው መቼ ነው?

ቤተ ሙከራ ውስጥ ስንውል ደጋግመን የምንሰማው አንድ አነጋገር አለ፤ ይኸውም «የዚህ ናሙና ሲቲ 30 ነው፤ እንግዲህ ጥገኛው ጥቂት ነው» የሚለው ነው። አነጋገሩ ቁርጥ ያለ በመሆኑ የሚሰማው ሁሉ ያምነዋል። ይሁን እንጂ 30 የሚለው ቁጥር ብቻውን ብዙም ጥቂትም ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ትርጉም የሚያገኘው የማባዛቱ ሥራ በየዙሩ ምን ያህል እንደ ተሳካ ሲታወቅ ነው፤ ይህንንም የሚነግረን ስታንዳርድ ከርቭ የምንለው የመለኪያ መስመር ነው።

በዚህ ጽሑፍ አንድ የኳንቲታቲቭ ፒ ሲ አር ሥራ ከዝግጅቱ እስከ ንባቡ ድረስ ተከትለን እንሄዳለን። ለምሳሌ የመረጥነው በሰው ደም ውስጥ የሚገኘውን የወባ ጥገኛ፥ ፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረምን፥ መቁጠር ነው። ይህን የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ ወባ የአገራችን በሽታ ስለ ሆነ ነው፤ ሁለተኛ ደም ለፒ ሲ አር አስቸጋሪ ከሆኑት ነገሮች አንዱ ስለ ሆነና የቁጥሩ አታላይነት በእርሱ ላይ በግልጽ ስለሚታይ ነው። የምናቀርባቸው ውጤቶች ነገሩን ለማስረዳት ያዘጋጀናቸው ናቸው፤ አንባቢ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ስሌቱን ራሱ ቢፈትነው ደስ ይለናል።

ማሽኑ የሚያየው ምንድን ነው?

ካሪ ሙሊስ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1983 ያፈለቀው የፒ ሲ አር ዘዴ ከዲ ኤን ኤ ላይ አንዱን የተመረጠ ቁራጭ በየዙሩ እጥፍ እያደረገ ያበዛል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ውጤቱ የሚታየው ሥራው ካለቀ በኋላ፥ ጄል ላይ ተዘርግቶ ነበር። መጨረሻ ላይ ብቻ ማየት ግን ለመቁጠር አይመችም። የሥራው ግብዓት ማለቁ ስለማይቀር፥ በሺህ ቅጂ የጀመረውም በሚሊዮን የጀመረውም መጨረሻ ላይ እኩል ሊመስሉ ይችላሉ። በሩጫ ውድድር ሯጮቹ ሁሉ ከደረሱ በኋላ ሜዳ የገባ ሰው ማን እንደ ቀደመ ሊያውቅ እንደማይችል ማለት ነው። በ1992 እና በ1993 ራስል ሂጉቺና ባልደረቦቹ ሩጫው እየተካሄደ ሳለ በየዙሩ ብርሃን መለካት እንደሚቻል አሳዩ፤ የዛሬው ኳንቲታቲቭ ፒ ሲ አር የመጣው ከዚህ ነው።

በእኛ ምሳሌ ብርሃኑ የሚመጣው ፕሮብ ከሚባለው አጭር የዲ ኤን ኤ ክር ነው። በአንዱ ጫፉ ብርሃን ሰጪ ቀለም፥ በሌላው ጫፉ ብርሃኑን የሚያፍን ነገር ተያይዞበታል። ፕሮቡ በሁለቱ ፕራይመሮች መካከል ከዒላማው ጋር ይጣበቃል፤ አዲሱን ክር እየሠራ የሚመጣው ኤንዛይም ፕሮቡን ሲቆርጠው ብርሃን ሰጪው ከአፋኙ ይለያል። ስለዚህ ብዙ ቅጂ በተሠራ ቁጥር ብርሃኑ ይጨምራል።

በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ቅጂው ስለሚያንስ ብርሃኑ ከማሽኑ የተፈጥሮ መዋዠቅ ተለይቶ አይታይም። ቆይቶ ግን ከዚያ በላይ ብቅ ይላል። ብርሃኑ አንድ የተወሰነ ከፍታ የሚያልፍበትን ዙር ሲቲ እንለዋለን፤ ከፍታውን ደግሞ የቤት ደፍ እንደምንለው የደፍ መስመር ብንለው ይስማማል። አንዳንድ ማሽን በስክሪኑ ላይ Ct ብሎ ይጽፈዋል፥ ሌላው Cq ይለዋል፤ ነገሩ አንድ ነው። ሲቲ የቅጂ ብዛት አይደለም፤ የመድረሻ ሰዓት ነው። ቀድሞ የደረሰው በብዙ የጀመረው ነው፤ ነገር ግን ይህ እውነት የሚሆነው ሁሉም በእኩል ፍጥነት ከሮጡ ብቻ ነው። ጽሑፋችን በሙሉ የሚያጠነጥነው በዚህች «ብቻ» በምትለው ቃል ላይ ነው።

ፕሌቱን ማደላደል

ፒፔት ከማንሣታችን በፊት የትኛው ጉድጓድ ምን እንደሚይዝ በወረቀት ላይ እንሣል። በምሳሌያችን የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው። ብዛታቸው የታወቀ ስድስት ስታንዳርዶች፥ እያንዳንዳቸው በሦስት ጉድጓድ፥ 18 ይሆናሉ። ዲ ኤን ኤ ፈጽሞ ያልተጨመረበት፥ በቦታው ውኃ ብቻ የገባበት መቈጣጠሪያ 3 ጉድጓድ ይይዛል። ወባ ከሌለበት ሰው ደም የወጣ ዲ ኤን ኤ 3 ይይዛል። ሀ እና ለ ያልናቸው የሁለት ሕሙማን ናሙናዎች እያንዳንዳቸው እንዳሉና አሥር ጊዜ ቀጥነው፥ በሦስት በሦስት ጉድጓድ 12 ይሆናሉ። ድምሩ 36 ነው።

ናሙናውን እንዳለና አቅጥኖ አብሮ ማስገባት ለብዙዎቻችን ብክነት ይመስለናል። ጥቅሙን ግን ኋላ እናያለን፤ ከፕሌቱ ሁሉ በጣም አስፈላጊው ጉድጓድ እርሱ ሆኖ ይገኛል።

ለአንድ ጉድጓድ የሚገባው ፈሳሽ 20 ማይክሮሊትር ነው። ከዚህ ውስጥ 10 ማይክሮሊትር እጥፍ ሆኖ የተዘጋጀ ማስተር ሚክስ ነው፤ ኤንዛይሙ፥ ኑክሊዮታይዶቹ፥ ማግኒዝየሙ ሁሉ በእርሱ ውስጥ አለ። መጠናቸው 10 ማይክሮሞላር ከሆነው ሁለት ፕራይመሮች ከእያንዳንዱ 0.6፥ ከፕሮቡ 0.4፥ ከንጹሕ ውኃ 6.4 ማይክሮሊትር ይጨመራል። ይህ 18 ይሆናል፤ የቀረው 2 ማይክሮሊትር የናሙናው ነው። እንዲህ ሲሆን በጉድጓዱ ውስጥ እያንዳንዱ ፕራይመር 300፥ ፕሮቡም 200 ናኖሞላር ይሆናል።

0.4 ማይክሮሊትርን 36 ጊዜ በትክክል ሊቀዳ የሚችል እጅ የለም። ስለዚህ ድብልቁ በአንድ ቱቦ ለሁሉም በአንድነት ይዘጋጃል፤ ፒፔት ላይ ተጣብቆ ለሚቀረውም ትርፍ ተጨምሮ ለ40 ይታሰባል። ይኸውም 400 ማስተር ሚክስ፥ 24 እና 24 ፕራይመር፥ 16 ፕሮብ፥ 256 ውኃ፤ በጠቅላላው 720 ማይክሮሊትር ነው። ከዚህ ለየጉድጓዱ 18 ይከፋፈላል። የዚህ አሠራር ጥቅም ድካም መቀነሱ ብቻ አይደለም። በድብልቁ ላይ ስሕተት ቢኖር እንኳ ለሁሉም ጉድጓድ እኩል ይደርሳል፤ ስለዚህ በጉድጓዶች መካከል የሚታየው ልዩነት የናሙናው እንጂ የእጃችን አይሆንም።

ድብልቁ የሚዘጋጅበት ቦታ፥ ናሙና የሚጨመርበት ቦታና ያለቀ ፒ ሲ አር የሚከፈትበት ቦታ የተለያዩ መሆን አለባቸው፤ ጉዞውም አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ያለቀ ቱቦ ሲከፈት በቢሊዮን የሚቈጠር ቅጂ የያዘ የማይታይ ጤዛ ይበትናል። ከዚያ ክፍል የመጣ ፒፔት ወደ ድብልቁ ቦታ ከተመለሰ በማግስቱ ውኃው ራሱ «ወባ» ይዞ ይገኛል።

ስታንዳርዶቹን ማቅጠን

ስታንዳርዳችን የጥገኛውን 18 ኤስ የሚባል ዘረመል ቁራጭ የተሸከመ ፕላዝሚድ ነው። ከመጀመሪያው ቱቦ 2 ማይክሮሊትር ሲወሰድ 1,000,000 ቅጂ እንዲይዝ ተደርጎ ይዘጋጃል። ከዚያ 10 ማይክሮሊትር ተወስዶ 90 ማይክሮሊትር ፈሳሽ ባለበት ቱቦ ይገባል፤ አሁን 100,000 ሆነ። እንዲሁ እየተባለ እስከ 10 ቅጂ ይወረዳል።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን መጠበቅ ግድ ነው። በየደረጃው ቲፕ ይለወጣል፤ አለዚያ ከላይኛው ቱቦ የተጣበቀው ጠብታ የታችኛውን ያበላሻል። በየደረጃው ቱቦው በቮርቴክስ በደንብ ይነቀነቃል፥ ለጥቂት ሰከንድም በሴንትሪፉጅ ይወርዳል፤ ዲ ኤን ኤ በራሱ ቶሎ አይሠራጭምና። የሚቀዳው መጠንም ከ5 ማይክሮሊትር ባያንስ ይመረጣል፤ 1 ማይክሮሊትር ወደ 9 ማግባት ግብዓት ይቈጥባል፥ ነገር ግን በ1 ላይ የምትፈጠረው ትንሽ ስሕተት በየደረጃው እየተደመረች ትወርዳለች።

ፕሌቱ ሲሞላ በሚጣበቅ ግልጽ ፊልም በደንብ ይታሸጋል፥ አረፋ እንዳይኖርም በሴንትሪፉጅ ይወርዳል። የዙሩ ትእዛዝ ማስተር ሚክሱ በሚጠይቀው መሠረት ይሆናል፤ የተለመደው በ95 ዲግሪ ኤንዛይሙን ማንቃት፥ ከዚያ በ95 ዲግሪ ለ15 ሰከንድና በ60 ዲግሪ ለ60 ሰከንድ 40 ጊዜ ማመላለስ ነው። ብርሃኑ የሚለካው በ60 ዲግሪው ላይ ነው።

ከቁጥሩ በፊት ሥዕሉን ማየት

ማሽኑ ሲጨርስ የቁጥር ሠንጠረዥ ያቀርባል። ሠንጠረዡን ለጊዜው እንተወውና የብርሃኑን መስመሮች እንመልከት። የከፍታው ስፍር በሎጋሪዝም እንዲሆን ስናደርግ፥ ጤናማ የሆነ ጉድጓድ በመጀመሪያ የተንቀጠቀጠ መስመር፥ ቀጥሎ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ክፍል፥ በመጨረሻም ጎብጦ የሚተኛ ክፍል ያሳያል። የምንፈልገው መካከለኛውን ቀጥ ያለ ክፍል ነው፤ ቅጂው በየዙሩ በአንድ ዐይነት ብዜት የሚያድገው በዚያ ብቻ ነውና።

የደፍ መስመሩ በዚህ ቀጥ ባለው ክፍል መካከል፥ ከመንቀጥቀጡ በላይ፥ ከጉብጠቱም በታች ይቀመጣል። ማሽኑ ራሱ ያስቀመጠው ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ ይሁን እንጂ በዐይን ሳያዩ ማለፍ አይገባም። ለአንድ ዒላማ በአንድ ፕሌት ላይ አንድ የደፍ መስመር ብቻ ይኖራል። ለአንዱ ናሙና ዝቅ፥ ለሌላው ከፍ ማድረግ ለአንዱ ሯጭ የመድረሻውን ገመድ ማቅረብ ነው።

የመነሻው መስመር የሚወሰድባቸው ዙሮችም መታየት አለባቸው። ብዙ ማሽን ከ3ኛው እስከ 15ኛው ዙር ያለውን ብርሃን መነሻ ብሎ ይቀንሰዋል። አንድ ናሙና በ12ኛው ዙር መውጣት ከጀመረ ግን እውነተኛው ብርሃኑ እንደ መነሻ ተቈጥሮ ይቀነስበታል፤ መስመሩም ይጣመማል። እንዲህ ሲሆን መነሻውን ከመውጫው አስቀድሞ እንዲያበቃ ማሳጠር ወይም ናሙናውን ማቅጠን ነው።

ከዚያ መስመሮቹ ትይዩ መሆናቸውን እናያለን። የስታንዳርዶቹ ሁሉ ቀጥ ያለ ክፍል ጎን ለጎን ትይዩ ሆኖ ከወጣ ፍጥነታቸው አንድ ነው ማለት ነው። አንድ ናሙና ከሌሎቹ ይልቅ ተጋድሞ ከወጣ፥ ሲቲው ምንም ይሁን ምን፥ በውስጡ ሥራውን የሚያግድ ነገር እንዳለ መጠርጠር ይገባል።

የማባዛት ብቃት ስሌት

አሁን ወደ ቁጥሩ እንመለስ። የስታንዳርዶቻችን የሦስት የሦስት ጉድጓድ አማካይ ሲቲ ይህ ነው እንበል። ለ1,000,000 ቅጂ 17.9፥ ለ100,000 21.3፥ ለ10,000 24.6፥ ለ1,000 27.9፥ ለ100 31.3፥ ለ10 34.7። ሲቲውን ወደ ላይ፥ የቅጂውን ሎጋሪዝም ወደ ጎን አድርገን ነጥቦቹን ስናስቀምጥ በእነርሱ መካከል ቀጥ ያለ መስመር ያልፋል። ተዳፋቱ፥ ማለት ስሎፑ፥ −3.351 ይሆናል፤ የላዩን መስመር የሚቈርጠው በ38.01 ነው። የሚያስፈልጉን ቀመሮች ሦስት ናቸው፤

```
Ct = m × log10(N) + b
E  = 10^(-1/m) - 1
N  = 10^((Ct - b) / m)
```

m ተዳፋቱ፥ b የመቍረጫው ነጥብ፥ N የቅጂው ብዛት፥ E የማባዛት ብቃቱ ነው። የእኛን ተዳፋት ስናስገባ 10 በ0.298 ከፍ ሲል 1.988 ይሰጣል። ይህ ማለት ቅጂው በየዙሩ በ1.988 ይባዛ ነበር ማለት ነው፤ ብቃቱም 99 በመቶ ያህል ነው። ፍጹም እጥፍ ቢሆን ኖሮ ተዳፋቱ −3.32 ይሆን ነበር፤ ምክንያቱም ሁለትን 3.32 ጊዜ ማባዛት አሥር ስለሚሰጥ፥ አሥር ጊዜ የቀጠነ ስታንዳርድ 3.32 ዙር ዘግይቶ ይደርሳል። በልማድ ከ90 እስከ 110 በመቶ ያለው ተቀባይነት አለው፤ ይኸውም ከ−3.6 እስከ −3.1 ያለው ተዳፋት ነው።

ብቃቱ ለምን ይህን ያህል ያስጨንቃል? በሁለት ናሙናዎች መካከል የ10 ዙር ልዩነት አለ እንበል። በየዙሩ እጥፍ ከሆነ ልዩነቱ 1,024 እጥፍ ነው። ብቃቱ 80 በመቶ ብቻ ከሆነ ግን በየዙሩ የሚባዛው በ1.8 ስለ ሆነ ልዩነቱ 357 እጥፍ ነው። ሲቲዎቹ ምንም ሳይለወጡ መልሱ በሦስት እጥፍ ገደማ ተሳሳተ። ብቃቱን ሳይለካ «አንድ ዙር እጥፍ ነው» ብሎ የሚያሰላ ሰው ሳያውቀው 100 በመቶ ብሎ ገምቷል።

ብቃቱ ዝቅ ሲል ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ከፕራይመሮቹ ወይም ከሙቀቱ ነው፤ ፕራይመሩ በ60 ዲግሪ በደንብ አልተጣበቀም፥ ወይም እርስ በርሱ ይጣበቃል። ሙቀቱን በሁለት በሁለት ዲግሪ እየቀያየሩ መሞከር፥ ካልሆነም ፕራይመሩን እንደ ገና መንደፍ ያስፈልጋል።

ከ100 በላይ የሆነ ብቃት

አንድ ቅጂ በአንድ ዙር ከሁለት በላይ ሊሆን አይችልም። እንግዲያስ 111 በመቶ የሚል ውጤት ከየት ይመጣል? እስቲ ሌላ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ሰው ፕላዝሚድ ስላልነበረው ብዙ ጥገኛ ያለበትን የደም ዲ ኤን ኤ እያቀጠነ ስታንዳርድ አደረገው። ያገኘው ሲቲ ከላይ ወደ ታች 19.4፥ 21.9፥ 24.6፥ 27.9፥ 31.3፥ 34.7 ነው። መስመሩ ሲሰላ ተዳፋቱ −3.086፥ ብቃቱ 111 በመቶ ይሆናል። አር ስኩዌር የሚባለው የመስመሩ መስማማት መለኪያ ደግሞ 0.996 ነው። ይህን አይቶ «መስመሬ እጅግ ጥሩ ነው» የሚል ብዙ ነው።

ነገር ግን ጎረቤት በሆኑት ስታንዳርዶች መካከል ያለውን ልዩነት እንቍጠር፤ 2.5፥ 2.7፥ 3.3፥ 3.4፥ 3.4። ከታች ያሉት ደረጃዎች ጤናማ ናቸው፤ ከላይ ያሉት ሁለቱ ግን ተጠጋግተዋል። ይህ የሆነው የደሙ ሂም፥ ማለት ብረት ያለበት የቀይ ደም ክፍል፥ ከዲ ኤን ኤው ጋር አልፎ ኤንዛይሙን ስለሚያግድ ነው። ባልቀጠነው ቱቦ ውስጥ ማገጃው ብዙ ስለ ሆነ ሲቲው ዘገየ፤ ሲቀጥን ማገጃውም አብሮ ስለ ቀጠነ ሥራው ተፈታ። ኤንዛይሙ ከመጠን በላይ አልሠራም፤ የላይኞቹ ስለ ተጎተቱ ብቻ መስመሩ ጋደም አለ። የላይኞቹን ሁለት ትተን በቀሩት አራት ስናሰላ ተዳፋቱ −3.37፥ ብቃቱም 98 በመቶ ይሆናል።

ከዚህ የምንማረው አር ስኩዌር ብቻውን ዋስ አለመሆኑን ነው። በስድስት ደረጃ ላይ የተዘረጋ መስመር ቢጎብጥም 0.99 ሊሰጥ ይችላል። ልዩነቶቹን በእጅ መቍጠር ግን አንድ ደቂቃ ይፈጃል፥ ጉብጠቱንም ወዲያው ያሳያል።

ሁለቱን ሕሙማን ማንበብ

ናሙና ሀ እንዳለ ሲቲው 26.3 ነው። ከ38.01 ላይ ሲቀነስ 11.71፥ ለ3.351 ሲካፈል 3.494፤ ይህም 3,100 ያህል ቅጂ ነው። አሥር ጊዜ ሲቀጥን 29.6 ሆነ፤ በስሌቱ 323 ቅጂ፥ በአሥር ሲባዛ 3,200 ያህል ነው። ሁለቱ ይስማማሉ፤ ልዩነታቸውም 3.3 ዙር ስለ ሆነ እንደ ስታንዳርዱ ሮጧል። ይህ ናሙና ይታመናል።

ናሙና ለ እንዳለ ሲቲው 30.6 ነው። በመስመሩ ሲነበብ 160 ያህል ቅጂ ይሰጣል። በዚህ ብቻ ብናቆም ኖሮ ሕመምተኛው ከሀ ሃያ እጥፍ ያነሰ ጥገኛ አለበት ብለን እንጽፍ ነበር። የቀጠነው ግን 30.9 ሆነ። አሥር ጊዜ ቀጥኖ የዘገየው 3.3 ዙር መሆን ሲገባው 0.3 ብቻ ነው። በመስመሩ ሲነበብ 132፥ በአሥር ሲባዛ 1,320 ይሆናል፤ ከመጀመሪያው ንባብ ስምንት እጥፍ ይበልጣል።

የትኛውን እንመን? በሌላ ፕሌት፥ ስታንዳርዱም አብሮ ተደግሞ መስመሩ ያው ሲሆን፥ መቶ ጊዜ የቀጠነው ናሙና 34.2 ቢሰጥ 13.7 ቅጂ፥ በመቶ ሲባዛ 1,370 ይሆናል። የአሥሩና የመቶው ንባብ ስለ ተስማሙ ማገጃው በአሥር ቅጥነት ላይ ተወግዶ ነበር ማለት ነው፤ የሚጻፈውም 1,300 ያህል የሚለው ነው። ስታንዳርዱ 99 በመቶ ብቃት ነበረው፤ ይሁን እንጂ የስታንዳርዱ ብቃት የናሙናው ብቃት አይደለም። ፕላዝሚዱ ንጹሕ ፈሳሽ ውስጥ ነው ያለው፤ ናሙናው ግን ደም ነው። የቀጠኑት ጉድጓዶች ባይኖሩ ይህን የሚነግረን አልነበረም።

ከታች በኩል ያለው ድንበር

10 ቅጂ የያዘው ስታንዳርድ ሦስቱ ጉድጓዶች 34.2፥ 34.6፥ 35.3 ቢሰጡ የእጅ ስሕተት ነው ብለን አንቸኩል። ጥቂት ቅጂ ከቱቦ ሲቀዳ አንዱ ጉድጓድ 7፥ ሌላው 13 ሊደርሰው ይችላል፤ ይህ የዕድል ሕግ ነው። በአማካይ 3 ቅጂ በሚደርስበት ጊዜ ከመቶ ጉድጓድ 5 ያህሉ ምንም ሳይደርሳቸው ባዶ ይቀራሉ። ስለዚህ በዚህ አካባቢ «አለ» ወይም «የለም» ማለት ይቻል እንደ ሆነ እንጂ ቅጂውን በትክክል ቈጠርሁ ማለት አይቻልም። በመካከለኛው ደረጃ ላይ ግን ሦስቱ ጉድጓዶች በግማሽ ዙር ከተለያዩ የፒፔቱን አያያዝ መመርመር ይገባል፤ ግማሽ ዙር የ1.4 እጥፍ ልዩነት ነውና።

የውኃ ጉድጓዶቹ ሦስቱም ዝም ሊሉ ይገባል። ሁለቱ ዝም ብለው አንዱ 38.2 ቢል፥ በመስመራችን አንድ ቅጂ በ38 ገደማ ስለሚደርስ፥ ከአንድ የማይበልጥ ቅጂ ገብቶበታል ማለት ነው። ይህ የናሙና ሀን 26.3 አያጠፋውም፤ በመካከላቸው የሺዎች እጥፍ አለና። በዚያው ፕሌት ላይ 37.5 ያለ ናሙና ቢኖር ግን «ወባ አለበት» ብሎ መጻፍ አይቻልም፤ ሥራው ይደገማል። ወባ የሌለበት ሰው ደምም ዝም ማለት አለበት፤ ከተናገረ ወይ ዲ ኤን ኤ ሲወጣ ብክለት ገብቷል፥ ወይ ፕራይመሩ የሰውን ዲ ኤን ኤ ይነካል።

መስመሩ የማይነግረን ነገር

ስታንዳርዱ ቱቦ ላይ የተጻፈው 1,000,000 በእውነቱ 500,000 ቢሆን፥ ደረጃዎቹ ሁሉ እኩል ስለሚሳሳቱ ተዳፋቱ አይለወጥም፤ ብቃቱም 99 በመቶ ይላል። የሚለወጠው የመቍረጫው ነጥብ ብቻ ነው፤ በእርሱ የተነበበ ናሙናም ሁሉ እጥፍ ሆኖ ይጻፋል። ስለዚህ የፕላዝሚዱ መጠን በጥንቃቄ ይለካ፤ በትንሽ በትንሹ ተከፋፍሎ በረዶ ቤት ይቀመጥ፤ ደጋግሞ ማቅለጥና ማቀዝቀዝ ያጎድለዋልና።

ቅጂም ጥገኛ ማለት አይደለም። የ18 ኤስ ዘረመል በአንድ ጥገኛ ውስጥ ከአንድ በላይ ጊዜ ይገኛል። ከደሙ ዲ ኤን ኤ ሲወጣም የተወሰነው ይጠፋል። ከ200 ማይክሮሊትር ደም የወጣው ዲ ኤን ኤ በ100 ማይክሮሊትር ፈሳሽ ውስጥ ካለና ከዚያ 2 ማይክሮሊትር ከተወሰደ፥ የናሙና ሀ 3,100 ቅጂ በአንድ ማይክሮሊትር ደም ወደ 780 ቅጂ ይሆናል። ከዚያ ወደ ጥገኛ ቁጥር ለመሻገር በማይክሮስኮፕ ከተቈጠረ ደም ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል።

በ2009 ዓለም አቀፍ ተመራማሪዎች ኤም አይ ኪው ኢ የተባለ መመሪያ ያወጡት እንዲህ ያለው ነገር ሳይጻፍ ውጤት ብቻ ስለሚታተም ነበር። በእኛም የቤተ ሙከራ ደብተር ላይ ከሲቲው አጠገብ ተዳፋቱ፥ ብቃቱ፥ የመቍረጫው ነጥብ፥ የደፍ መስመሩ ከፍታ፥ የውኃው ጉድጓድ ያለውና የቀጠነው ናሙና የሰጠው ይጻፍ። ከናሙና ለ ጎን የሚጻፈው «ሲቲ 30.6» የሚለው ሳይሆን «እንዳለ ታግዷል፤ በ1 ለ10 ሲነበብ 1,300 ቅጂ ያህል» የሚለው ነው። ደብተሩን ከእኛ በኋላ የሚከፍት ጓደኛ ስለዚያ ሕመምተኛ የሚያውቀው የጻፍንለትን ያህል ብቻ ነው።